የአርባ ሰከንድ ኮሜዲያኖቻችን፣ እጃችሁ ይባረክ

የቢሮ ቀልድ የምትሠሩልን ቲክቶከሮች፣ ክበሩልን። አንድ አለቃ፣ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ። ሌላው ሰው ቢሆን ቀልዱን ብቻ አስቀምጦ ይሄድ ነበር። እናንተ ግን ለጋስ ናችሁ።

ለምሳሌ ይቺን ቀልድ እንውሰድ። ልጁ ቢሮ ይገባል። «ጋሼ፣ አያቴ አርፈው ፈቃድ ፈልጌ ነበር።» አለቃው እስክሪብቶ ያነሳል። «ቀብሩ የት ነው?» «ዮሴፍ።» «ስንት ሰዓት?» «ስምንት ሰዓት።» «ምን ነበር ያመማቸው?» «ስ... ስኳር።» አለቃው እያንዳንዷን መልስ ይጽፋል። ልጁን ላብ ያጠምቀዋል፣ እኛም «አለቀለት፣ ተነቃበት» እንላለን። «በል ሂድ።» በሩ እንደተዘጋ አለቃው ስልክ ይደውልና ከወረቀቱ ላይ እያነበበ፦ «ጌታዬ፣ አያቴ አርፈው ፈቃድ ፈልጌ ነበር... ዮሴፍ፣ ስምንት ሰዓት... አዎ፣ ስኳር ነበረባቸው።» በቃ፣ እዚያው ላይ ይቆረጣል።

ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። መጨረሻው ላይ ከሰማይ የወረደ ነገር የለም፤ እስክሪብቶው ከመጀመሪያው ዓይናችን ሥር ነበር፣ እኛ ነን ለምርመራ የመሰለን።

ደረቅ ነው አይደል? እናንተ እጅ ሲገባ ነው ነፍስ የሚዘራው። መጀመሪያ ልጁ በኮሪደሩ ሲመጣ አሥር ሰከንድ ሙሉ እናያለን፣ በዝግታ፣ ከነሙዚቃው፣ ጫማው ሳይቀር ለብቻው ይቀረጻል። ከላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «አለቃው ራሱ ቀጣፊ ሆኖ ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል። ተባረኩ፤ ግፊት ያለብን ሰዎች መጨረሻው ምን ይሆን እያልን በከንቱ አንጨነቅም። ልጁ «ዮሴፍ» ሲል ደግሞ የተቀዳ ሳቅ ይለቀቃል። የቀብር ቦታ ምኑ ያስቃል እንዳትሉኝ፣ ሳቁ ስልኩ ውስጥ በነፃ ተቀምጦ ማን ያባክነዋል?

እስክሪብቶውስ? እሱማ አይታይም። ካሜራው ፊት ላይ ተለጥፏል፤ አለቃው ዓይኑን ማፍጠጥ፣ ልጁ ከንፈሩን መንከስ አለበት፣ ትወና ማለት ይሄ ነዋ። እጅ የሚያሳይ ቦታ የለም። ስለዚህ ወረቀቷ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም፣ እንደ ሎተሪ ዱብ ትላለች።

ዱብ የምትለውም ከደረስንባት ነው። አለቃው ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል፦ «ክፍል ሁለት እንዳያመልጣችሁ ፎሎው አድርጉ»።

ኮመንቱን ከፈትኩት። ግማሹ «ነፍስ ይማር» ብሏል፣ ግማሹ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል።