ፒያኖን ፒያኖ የሚያስብለው ምኑ ነው?

ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ከልምምድ በኋላ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው፣ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ስለሚያውቀው ልጽፈው ፈለግኩ። ጥያቄውን ያነሳችው ፍሉት የምትጫወተው ልጅ ናት። እኔ ላ ስነፋ የድምፁን ከፍታ የሚለካው ቲውነር 440 ይላል፣ ቫዮሊኑም ላ ሲል 440፣ ፒያኖውም 440፣ ታዲያ አይኔን ጨፍኜ እንኳን የቱ የቱ እንደሆነ የማውቀው በምንድነው አለች።

ቫዮሊን የሚጫወተው ልጅ ቀድሞ "ፍሉት ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ነዋ" አለ፣ እሱ እንኳን አያስኬድም፣ ቅጥነትና ውፍረቱ አንድ ስለሆነ እኮ ነው 440 ያለው። አብሮን የፊዚክስ መምህር ነበር፣ በእድሜም ስለሚበልጠን ሁላችንም ቲቸር ነው የምንለው፣ ወረቀት አውጥቶ ማስረዳት ጀመረ።

"ቲውነሩ የሚነግራችሁ የታችኛውን ብቻ ነው" አለ። "አንድ ክር ሲርገበገብ ሙሉው ርዝመቱ በሰከንድ 440 ጊዜ ይመላለሳል፣ በዛው ቅፅበት ግን ለሁለት ተከፍሎም 880 ጊዜ፣ ለሶስት ተከፍሎ 1320፣ ለአራት 1760፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ናቸው ሃርሞኒክስ የሚባሉት። ፍሉት ውስጥ ያለው አየርም እንደዚሁ ነው። ጆሯችን ለየብቻ አይሰማቸውም፣ አንድ ላይ አድርጎ አንድ ኖታ ነው የሚለው፣ የየትኛው ሃርሞኒክ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ነው እንግዲህ የድምፁን ቀለም፣ ቲምበር የምትሉትን የሚሰጠው።"

ከዛ ልጅቷን ቀስ ብለሽ ንፊ አላት፣ ስልኩ ላይ ስፔክትረም፣ ማለት የየሃርሞኒኩን መጠን በጉብታ የሚያሳይ አፕ ከፍቶ። 440 ላይ አንድ ትልቅ ጉብታ፣ 880 ላይ ትንሽ፣ ከዛ በላይ ያለው ወዲያው ወረደ፣ ከስር ደግሞ የትንፋሿ ሹሹታ። ቀጥሎ ቫዮሊኑ ባዶውን የላ ክር ሲጎትት ስክሪኑ በጉብታ ሞላ፣ አስር ምናምን ቆጠርን፣ እስከ ላይ ድረስ። ቲቸር ምክንያቱን ሲናገር ቀስቱ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ክሩ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ ይሄ በሰከንድ 440 ጊዜ ይደጋገማል፣ መያዙ ቀስ ያለ ማምለጡ ድንገተኛ ስለሆነ እንቅስቃሴው እንደ መጋዝ ጥርስ ሹል ይሆናል፣ ሹል የሆነ ነገር ደግሞ ያለ ብዙ ሃርሞኒክ አይፈጠርም አለ። "በቃ ልክ እንደ ወጥ ነው፣ ቅመሙ አንድ አይነት፣ መጠኑ ግን የተለያየ" ብሎ ዘጋው።

ኪቦርዲስቱ ግን አልተዋጠለትም። "ቲቸር ይቅርታ፣ እኔ እኮ ሳውንድ ስሰራ ነው የምውለው፣ መጠኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስራዬ ቀላል ነበር" አለና ልምምድ ቤት የቀዳውን የፒያኖ ላ ስልኩ ላይ ከፍቶ ሪቨርስ አረገው፣ ማለት ከኋላ ወደፊት አጫወተው። ድምፁ ከምንም ተነስቶ ቀስ እያለ አደገ አደገና ድንገት ቀጥ አለ። ምን መሳሪያ ነው ሲል ልጅቷ ወዲያው "አኮርዲዮን!" አለች። "እሺ አሁን የዚህንና የዋናውን ሃርሞኒክስ አወዳድሩ" አለ። ድምፁን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ካሰላችሁት አንድ ናቸው፣ ገልብጦ ማጫወት የየትኛውንም ሃርሞኒክ መጠን አይቀንስም አይጨምርም። "ታዲያ ቅመሙ ያው ሆኖ ወጡ ለምን ተቀየረ? መቼ እንደገባም ስለሚወስን ነዋ፣ መከለሻ መጀመሪያ ላይ ጨምረህ እየው እስቲ!"

እዚህ ላይ ነገሩ ጦፈ። ኪቦርዲስቱ የፒያኖውን ቀጠለ፣ መዶሻው ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል፣ ከዛ በኋላ ክሩን የሚያንቀሳቅሰው የለም፣ ስለዚህ ድምፁ ከመጀመሪያዋ ቅፅበት ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው፣ አሟሟቱም እኩል አይደለም፣ የላይኞቹ ሃርሞኒክሶች ቶሎ ይጠፋሉ የታችኞቹ ይቆያሉ፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ሰምተን ወደ መጨረሻው የሚለዝበው። ቲቸርም በዚህ ተስማምቶ የራሱን ጨመረበት፣ የፒያኖ ክር ወፍራምና ድርቅ ያለ ብረት ስለሆነ ሃርሞኒክሱ ልክ 880፣ 1320 ላይ አይቀመጥም፣ በትንሹ ከፍ ከፍ ይላል፣ ወደ ላይ በሄድን ቁጥርም ልዩነቱ ይሰፋል። ቫዮሊን ላይ ግን ቀስቱ በየዙሩ እየያዘ ስለሚለቀው ሁሉንም አስገድዶ መስመር ያስይዛቸዋል።

ቲቸር ግን እጅ አልሰጠም። ቫዮሊኑን ረዘም አርገህ ጎትት አለውና ቀድቶ መጀመሪያና መጨረሻውን ቆርጦ መሀሉን ብቻ ገለበጠው። ቫዮሊን! ማንም አልተሳሳተም። "ይኸው፣ ጊዜው ተገልብጦም ቫዮሊን ነው፣ ስለዚህ ሃርሞኒክሱ ነው" አለ።

ልጅቷ ደግሞ ሁለቱም ያልመለሱትን ጠየቀች። ርካሽ ኪቦርድ ላይ ያለው ቫዮሊን መሀል ላይ ደህና ሆኖ ወደ ላይ ስትሄድ ለምንድነው አይጥ የሚመስለው? ኪቦርዲስቱ ይሄን በደንብ ያውቃል፣ አንድ ኖታ ብቻ ተቀድቶ ሌሎቹ እሱኑ በማፍጠን ስለሚሰሩ ነው አለ። ሲፋጠን ሃርሞኒክሱ በሙሉ አብሮ ይወጣል፣ መጠናቸውም እንዳለ አብሮ ይሄዳል። እውነተኛው ቫዮሊን ግን እንጨቱና ውስጡ ያለው አየር የራሳቸው የሚወዷቸው ቦታዎች አሏቸው፣ እነዛ ቦታዎች የትኛውንም ኖታ ብትጫወት ከቦታቸው አይነቃነቁም። አንድ ሃርሞኒክ እዛ ቦታ ላይ ሲወድቅ ይጎላል፣ በሚቀጥለው ኖታ ሌላኛው ይጎላል። ጥሩ ሳምፕል፣ ማለት ለኪቦርድ የሚሆን የመሳሪያ ቅጂ የሚሰሩ ሰዎች በየኖታው ለየብቻ የሚቀዱትም ለዚህ ነው።

እኔ የምለው፣ ቲቸር ስለ ቫዮሊኑ እውነት አለው፣ ኪቦርዲስቱም ስለ ፒያኖው እውነት አለው፣ ግን እኩል ናቸው ብዬ አልተውም። ሃርሞኒክስ የሚያስረዳው ድምፁ ተረጋግቶ የቆመበትን ክፍል ነው። ፍሉትና ቫዮሊን ትንፋሽና ቀስት እስካለ ድረስ የሚቆም ክፍል ስላላቸው የመጠኑ ነገር እነሱ ላይ በደንብ ይሰራል፣ ፒያኖ ግን አንድም የሚቆም ቅፅበት የለውም፣ እሱን በጉብታ ብዛት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ቲቸር ራሱ የጠቀሰው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ሄልምሆልትዝ እኮ በ1863 ይሄን የሃርሞኒክስ ነገር በመፅሐፍ ሲያወጣ የድምፅን አጀማመርና አጨራረስ አይቶታል፣ መሳሪያ ለመለየት እንደሚጠቅም ተናግሮ የሱ ጥናት ግን በተረጋጋው ክፍል ላይ እንደሆነ ወስኖ ነው የጀመረው። በኋላ ትምህርት ቤት ስንማር ያ ገደብ ተጥሎ "ቲምበር ማለት ሃርሞኒክስ ነው" የሚለው ብቻ ቀረ፣ እኔን የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ክፍል ውስጥ የሃርሞኒክሱን ጉብታ ስሎ የሚያሳይ መምህር የተገለበጠችዋን ፒያኖም ቢያሰማ ተማሪው ስዕሉ የት ድረስ እንደሚሰራ በጆሮው ይሰማዋል፣ የሚያስፈልገው ስልክና አንድ የተቀዳ ኖታ ነው።