እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የውሃው መዝጊያ ግን የት ነው?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ። የሰፈሩን ስም ሰምታችሁ እንዳትቀኑብኝ፤ ግቢያችን ውሃ የሚያየው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሰው በተኛበት ሰዓት።

አከራያችን ቁልፉን ሲያስረክቡኝ በኮምፒውተር የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጨምረው ሰጡኝ። ርእሱ «የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክትና የግቢው መመሪያ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ከዚህ በፊት የተከራየሁባቸው ቤቶች መመሪያ «መብራት አጥፉ» የሚል ጩኸት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉውን ስለ መከባበር ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ ውሃ በቁጠባ ይጠቀሙ። ቆሻሻ በተገቢው ቦታ ያስቀምጡ። መኪና በሥርዓት ያቁሙ። ብልሽት ሲያጋጥም የሚመለከተውን ያነጋግሩ።

ተገቢው ቦታ የት ነው? የሚመለከተውስ ማነው? ይህን ሳልጠይቅ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የፏፏቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ በትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ወደ ግቢው ይወርዳል። ሮቶው ውስጥ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን የምትዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውሃ ለቀናት ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ደለልና አሸዋ የያዘ ነው፤ አንዲት ጠጠር መዝጊያው ላይ ከተቀረቀረች ኳሷ ብትነሳም መግቢያው አይገጥምም። ይህ ሁልጊዜ በአንድ ሌሊት የሚመጣ በሽታ አይደለም። የትርፍ ውሃ ቱቦው ቀደም ብሎ ጠብ ጠብ ማለት ሊጀምር ይችላል። የታችኛዋ ጎረቤቴ እማማ ለሁለት ፈረቃ ያህል ጠብታውን አይተው ኖሯል። «ለማን ልናገር፣ ልጄ? ወረቀቱ ላይ ስልክ የለው!» አሉኝ። በረንዳው ላይ በማዳበሪያ ያስቀመጡት በርበሬ ረጥቦ ከሥሩ ቀይ ውሃ ይፈስ ነበር።

ውሃውን ለማቆም ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ መዝጋት በቂ ነው። ቆጣሪው ግን የት ነው? በእጅ ባትሪ፣ በዚያ የጦሳ ብርድ፣ አጥሩን በሙሉ ዞርን። በር አካባቢ የተቆለለውን የቆሻሻ ከረጢት ሳይቀር አገላበጥን፤ አንዱ እዚያ ያስቀምጣል፣ ሌላውም «ተገቢው ቦታ» ይኸው ነው ብሎ ይከተላል። የአከራያችን ስልክ ዝግ ነው። በመጨረሻ ዘበኛው ትዝ አላቸው፦ ጉድጓዱ የሚገኘው ፊት ለፊት ያለው ጎረቤታችን መኪናውን «በሥርዓት» ካቆመበት ሥር ነው! ሰውየው እስኪነቃ፣ ቁልፉን እስኪያገኝ፣ መኪናውን እስኪያነሳ፣ የሲሚንቶውን ክዳን በዶማ እስክንፈነቅል 11 ሰዓት ሆነ። መዝጊያው ለመዝጋት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

በነጋታው በዚያው ቱቦ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኜ መዝጊያውን አስከፈትኩ። በሁለት ደቂቃ ሞላ። እንግዲህ አስሉት፦ በሰዓት 600 ሊትር ነው። መዝጊያውን ስንፈልግ ባሳለፍነው ሁለት ሰዓት ብቻ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 60 ጀሪካን ፈስሷል። ከዚያ በፊት የፈሰሰውን አልቆጠርኩም። ሂሳቡ ደግሞ ለአራት ተከራይ እኩል ይካፈላል፤ ይህን ደብዳቤው በደንብ አድርጎ ጽፎታል፣ በደማቁ!

የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ጠጠሯን አወጣት፤ ከምስር አትበልጥም። እግረ መንገዱን ሁሉም ሰው ቧንቧውን እንዲዘጋ አድርጎ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር አሳየኝ። ሮቶው ሞልቶ ማንም ውሃ ሳይጠቀም እርሷ ከተሽከረከረች፣ የሆነ ቦታ ውሃ ያፈሳል ማለት ነው። የእኛ በዝግታ ትዞር ነበር። የመጸዳጃ ቤቴ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ቡና ጨምሮ ማንም ውሃ ሳይለቅ ግማሽ ሰዓት እንድጠብቅ ነገረኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቡናው ሳህኑ ውስጥ ወረደ። የሥር ጎማው አርጅቷል። ስንት ወር ያንን ስከፍል እንደኖርኩ አላውቅም።

ተናድጄ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቆጣሪው ያለው ከበሩ በስተግራ አራት እርምጃ ላይ ነው፤ እዚያ መኪና አይቆምም። መዝጊያው ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። ቱቦው ጠብ ካለ በዚያው ቀን ይነገር። የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ ይኸው፣ ካልተነሳም የሁለተኛው። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ይዘው የሚያልፉበትን ቀንም ከዘበኛው ጠይቄ ጨመርኩ። በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ማታ ስመለስ አከራያችን ከሥሩ በእስክሪብቶ ጽፈውበት አገኘሁት፦ «በር ላይ ወረቀት መለጠፍ በመመሪያው መሠረት ክልክል ነው። የሚመለከተውን ያነጋግሩ።»