ዙር ሲበዛ ፒን አይጠነክርም

«የከዚራ ሱቃችንን የሂሳብ ፋይል በ4 አሃዝ ፒን ቆልፌዋለሁ። ፕሮግራሙ ፒኑን PBKDF2 በሚባል፣ ፒንን ወደ መክፈቻ ቁልፍ በሚቀይር ስሌት 600,000 ዙር ያስኬደዋል፣ ሶልት የሚባል በዘፈቀደ የወጣ ተጨማሪ ቁጥርም ይቀላቅልበታል። ማንም አይከፍተውም።»

አይ አቦ፣ እንደሱ አይደለም። ዙሩ እያንዳንዱን ግምት ያዘገያል እንጂ የግምቱን ብዛት አይጨምርም። ከ0000 እስከ 9999 ያለው 10,000 ፒን ብቻ ነው። ፋይሉን የሰረቀ ሰው ላፕቶፑ በአንዱ ፒን ላይ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሁሉንም በ5,000 ሰከንድ ይጨርሳል። 83 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው፤ በርጫው ሳያልቅ። ግራፊክስ ካርድ ካለውማ ከዚያም ያጥራል።

ሶልቱ ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ሥራው ለየፒኑ ቀድሞ የተሰላ የቁልፍ ሠንጠረዥን ከንቱ ማድረግ ነው። አንተና ጎረቤትህ አንድ ዓይነት ፒን ብትጠቀሙ እንኳ ቁልፋችሁ ይለያያል። የአንተን ፋይል ብቻ ለይቶ የመጣብህን ግን አያቆመውም።

ፒኑን ተወውና ከረጅም የቃላት ዝርዝር በዕጣ ያወጣሃቸውን 6 ቃላት አድርግ። ያኔ 600,000ው ዙር በእያንዳንዱ ግምት ላይ የሚጨምረው ዋጋ ይታያል።