ባትሪው መቶ ነው አለኝ

ከሰውየው ከተለየሁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ያቺን ለሽያጭ የወጣች ያገለገለች አይፎን 12 ላያት ሄድኩ። አዎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፎቶዋን እያሳየሁ ያደነቆርኳችሁን። ስልኩን ገና ሳልነካው ሰውየው ሴቲንግ ከፍቶ ባትሪው ከአዲስነቱ ስንት አቅም እንደቀረው የሚናገረውን Maximum Capacity የሚለውን አፍንጫዬ ስር ደቀነው። 100%። «እህቴ፣ መቶ! መቶ ነው!» ልጁ ማትሪክ ያለፈለት ነው የሚመስለው።

እኔ ምን አልኩ? «ስልኩ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩ። በቃ፣ ጥፋቴ ይቺ ናት።

«አንድ ዓመት ከስድስት ወር ብቻ ነው የያዝኩት።» አንተ መቼ ያዝከው አልተባለም እኮ! ይህ ሞዴል የወጣው በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ነው። አምራቹ ማዘመን የሚያቆምበት ቀን የሚቆጠረው ስልኩ ከወጣበት ጊዜ እንጂ እሱ ኪስ ከገባበት ቀን አይደለም።

ደግሞ ዕድሜውን ካወቅሽ መቶው ራሱ ያስፈራል። የዚህ ሞዴል ባትሪ የተሠራው 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ 80% አካባቢ አቅም እንዲቀረው ነው። ዓመታት በእጅ ላይ የኖረ ስልክ መቶ ካሳየ ወይ ባትሪው ተቀይሯል፣ ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። የዱሮውን ባትሪ ሰሌዳ ነቅለው ሌላ ባትሪ ላይ የሚበይዱ፣ ቁጥሩንም በመሣሪያ መቶ አድርገው የሚጽፉ ጠጋኞች አሉ። ስልኩ የራሱ ባትሪ ይመስለዋል፣ አያጉረመርምም። ባትሪው በደንብ ተቀይሮ ቢሆንማ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን «ተቀይሯል?» ስለው «በፍጹም፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አለ።

ስለዚህ ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍቼ ቪዲዮ አስጀመርኩና ወሬዬን ቀጠልኩ። ስጀምር ቻርጁ 62 ነበር። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 51 ገባ፣ ጀርባውም ሞቀ። በዚህ አያያዝ ሙሉ ቻርጅ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይዘልቅም ማለት ነው! አዲስ ሳለ ቪዲዮ እስከ 17 ሰዓት ያጫውታል የተባለለት ስልክ። ብርሃኑን ብከፍተውም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። «ኔትወርክ ነው» አለኝ። ቪዲዮው ስልኩ ላይ የተጫነ ነበር እኮ፣ ወገኖቼ።

ስቶሬጁን ልንገራችሁ ወይስ ልተወው? ማስታወቂያው 128 ይላል። ሴቲንግ ስገባ 64። «እህቴ፣ ክላውድ 50 አለው፣ ሲደመር ከ128 ምን ያንሳል?» በየወሩ የሚከፈልበትን የራሱን ክላውድ ከስልኩ ጋር ሊሸጥልኝ! ይህ ስልክ ሚሞሪ ካርድ አይቀበል፣ ባትሪ ይቀየራል፣ ስቶሬጅ ግን በተገዛበት ይቀራል። ከ64ቱ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ድርሻውን ወስዷል።

(ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያቺ «ትንሽ ጭረት» ያለችኝ ነበረች። ጭረቱ ከጥግ እስከ ጥግ መስታወቱን ለሁለት ከፍሎታል። ይህን ሁሉ ሰው አንድ አስተማሪ ነው እንዴ ያስተማረው?)

ወደ ዋጋው ስንመጣ። ስልኩ አዲስ ሳለ የተሸጠበትን 100 ብንለው ሰውየው 60 ጠየቀኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይ የከረምኳቸው ያው ሞዴል ያው 64ት፣ ባትሪያቸው ሰማንያ ቤት ያሉት፣ ከ35 እስከ 40 ነው የተለጠፉት። «የእኔ መቶ ነዋ!» ይላል። እሺ፣ መቶው እውነት ነው እንበል። ደህና ባትሪ ማስቀየር በዚሁ ሂሳብ 7 ገደማ ነው። አሪፍ ባትሪ ከሞተ ባትሪ የሚበልጠው ቢበዛ በዚያችው 7 ነው፣ ምክንያቱም የሞተውን ገዝቼ ራሴ ላስቀይረው እችላለሁ። የእሱ ግን በሩብ ሰዓት 11 የሚጥል ስለሆነ 7ቱ ከመሃለኛው ዋጋ፣ ከ38 ላይ መቀነስ አለበት። «31 እሰጥሃለሁ» አልኩት፣ በጨዋ ደንብ።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ጎኑ ወደተቀመጠው ጓደኛው ዞሮ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አቅም የሌለው ሰው ነው ሂሳብ የሚያበዛው» አለ። ጓደኛው ሳቀ። እኔስ? «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ለምኑ ነው የማመሰግነው? መልሱ የመጣልኝ ደረጃው ላይ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው።

ቤት ስደርስ ደግሞ ወንድሜ «ቀለሟ ግን ቆንጆ ነበረች፣ ብትወስጃት ምን ነበረበት» አለኝ። ሁለተኛ ዙር።

የእኔ ስልክ ይኸው 24% ላይ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ቻርጀር ላይ ሰክቼ ነው ይህን የምጨርሰው። ሲነሣ መልእክት ጠብቆኛል፣ ከሰውየው፦ «እህቴ አሰብሽበት? ላንቺ ስል 55። ባትሪው መቶ ነው።»