ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ለሚነሱ ጀግኖች

ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ትዕይንት ጠፍቶ የመጀመሪያው ስም ብቅ ሲል፣ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ፣ የፈንዲሻውን ላስቲክ ወንበር ሥር ጥላችሁ፣ የጎረቤታችሁን ጉልበት ረግጣችሁ ወደ በሩ የምትጣደፉ ሁሉ። እናንተ ባትኖሩ መብራቱ በጊዜ አይበራም ነበር። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ካሜራውን ማን እንደያዘ ስናነብ ይመሽብን ነበር።

ቤት ውስጥማ ነገሩ ተራቅቋል። ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ መተግበሪያው ራሱ አሳንሶ ጥግ ላይ ያስቀምጣቸውና፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት ብሎ ቆጥሮ ሌላ ፊልም ይጀምርልናል። ዓይናችን እንዳይደክም ታስቦ ነው። ወላጅም እንዲህ አያስብም።

ደግሞስ ምን ይነበባል? ፊልም የሚሠራው አክተሩ ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። አክተሩ ይተኩሳል፣ አክተሩ ያፈቅራል፣ አክተሩ አይሞትም። የፊልሙም ስም አክተሩ ነው። «ትናንት የማንን አየህ?» ስንባል «የጄሰን ስታተምን» እንላለን እንጂ ርዕስ የሚባል ነገር አናነሳም።

ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ ጋ ፍላሼን ይዤ ስሄድ የዚህን ሥርዓት ውበት በዓይኔ አያለሁ። በቀደም ከፊቴ የቆመ ሰውዬ «እንደ ባለፈው ያለ አለህ?» አለው። «የቱ?» «ያ ራሰ በራው ያለበት።» ልጁ አንድ ሰከንድ አላሰበም፤ ራሰ በራ የሚል ፎልደር ሳይኖረው አይቀርም። አሥራ ሁለት ፊልም ጭኖ ሸኘው። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ «አንዷ ብቻ ናት ጥሩ» አለ። ልጁ ተገረመ። «ራሰ በራው እኮ ሁሉም ላይ አለ!» ክርክሩ እዚያው አበቃ። ምን ይባላል?

የአክስቴ ልጅ ደግሞ የዚህ ትምህርት ሊቅ ነው። ሲካርዮን አየ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዴኒ ቪልነቭ ያዘጋጀው ፊልም ነው። አንዲት የኤፍቢአይ ባልደረባ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ያለ የዕፅ ጦርነት ውስጥ ትገባለች፤ ምን ውስጥ እንደገባች ግን በቅጡ የሚነግራት የለም። ልጁ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ደወለልኝና «እንዲህ ያለ ሌላ ካላየሁ አልድንም» አለኝ።

ከዚያ ትክክለኛውን ነገር አደረገ። የዋናዋን ተዋናይ ስም ያዘ። ኤሚሊ ብለንት። ፈለገ፣ አገኘ። ቅዳሜ ማታ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቆሎውን አቅርቦ ተቀመጠ። የከፈተው ሜሪ ፖፒንስ ሪተርንስን ነው። ያቺው ሴትዮ ከሰማይ በነፋስ ወርዳ ለሕፃናት ትዘፍናለች። እስከ መጨረሻው አየው። «መቼም መተኮሷ አይቀርም» እያለ ነው የጠበቃት።

ይህን ጽናት ሳላደንቅ አላልፍም። ግን ከመካከላችን ያፈነገጡ አሉ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ጽዳቷ መጥረጊያዋን ይዛ «አይወጡም እንዴ?» የምትላቸው። ከነሱ አንዱ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ሻይ ስለጠጣሁ ምሥጢራቸውን አውቄዋለሁ። የምነግራችሁ እንድትጠነቀቁ ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች «ማን አለበት?» አይሉም። «የቱ ጋ ነው የያዘህ?» ይላሉ። ከዚያ ያንን ቦታ መልሰው ይከፍቱና ድምፁን ያጠፉታል። ሲካርዮ ላይ ጥቁሮቹ መኪኖች ተሰልፈው የሜክሲኮዋ ሁዋሬዝ ከተማ ሲገቡ ደረትህ ላይ ድንጋይ የተጫነ መስሎህ ነበር? ድምፁን አጥፋው። አሁን የሚታይህ መኪና በመንገድ ሲሄድ ነው፤ ድንጋዩ ተነሳ። እንግዲያው የያዘህ ሙዚቃው ነበር ይሉሃል፤ ከከበሮው ሥር ወደ ታች የሚንሸራተተው ያ ጎርናና ድምፅ። የአይስላንዱ የዮሃን ዮሃንሰን ሥራ ነው።

ታጣቂዎቹ ሲመሽ ወደ ዋሻው የሚወርዱበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ከላይ ጀንበር የጠለቀችበት ሰማይ አለ። ሰዎቹ ፊት የላቸውም፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ናቸው። እየሄዱ አንድ በአንድ መሬቱ ውስጥ ይሰምጣሉ። ድምፁን ብታጠፋውም ሆድህ ይሸበራል። ይኼ የካሜራው ሰው ነው፤ ሮጀር ዲኪንስ።

ሦስተኛው ፈተና ስልክ ይፈልጋል። ታሪኩን ለእናትህ ትተርክላታለህ፤ ያለ ምስል፣ ያለ ሙዚቃ። «እህ፣ ከዚያስ?» ካለች የያዘህ ጸሐፊው ነው፤ ቴይለር ሼሪደን። «ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?» ካለች ጸሐፊውን ተወው።

አያችሁ ድካሙን! አንድ ፊልም ለመውደድ ሦስት ምርመራ። እኛ ፖስተሩን አይተን እንጨርሰው የለ።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ወድቆ ቢሆን ምን ይደርስበት እንደነበር አስቡት። የያዘው የምሽቱ ጥላ ነው እንበል። የዲኪንስን ስም ይዘው የጄምስ ቦንዱ ስካይፎል ላይ ይጥሉት ነበር። ሻንጋይ ላይ፣ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ጥላዎች ይደባደባሉ፤ ከኋላቸው የማስታወቂያ መብራት ይዋኛል። ከዚያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ የጄሲ ጄምስን ግድያ የሚተርከው የ2007ቱ ፊልም አለ። ሽፍቶች ሌሊት ጫካ ውስጥ ባቡር ይጠብቃሉ፤ የባቡሩ መብራት ዛፎቹን እየሰነጠቀ ሲመጣ ሰዎቹ እንደገና ጥላ ይሆናሉ። ዳይሬክተሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ አክተሩ ሌላ። እጁ ግን ያው ነው። ልጁ ሌላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ነበር። እግዜር አወጣው።

ደግሞ ወጥመድ አላት። የዲኪንስ ስም ዘንዶ ስለሚያለምድ ልጅ የተሠራው ካርቱን ላይም አለ። እዚያ ግን የእይታ አማካሪ ሆኖ ነው እንጂ ፊልሙን አልቀረጸም። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ከስሙ ጎን Director of Photography የሚለውን ይፈልጋሉ። ስሙ አልበቃ ብሎ የሥራ መደቡ! ቀበሌ መሰላቸው።

ጸሐፊውን የሚከተሉትማ ይብሳሉ። ሼሪደን ከሲካርዮ ቀጥሎ በ2016 የወጣውን ሄል ኦር ሃይ ዋተርን ጻፈ። ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የእናታቸውን መሬት በዕዳ ሊወርስ የተዘጋጀውን ባንክ፣ የራሱን ቅርንጫፎች እየዘረፉ፣ ዕዳውን በራሱ ገንዘብ ሊከፍሉት ይነሳሉ። በዓመቱ ዊንድ ሪቨርን ራሱ ጽፎ ራሱ አዘጋጀ፤ በረዶ ላይ ሞታ የተገኘች የአገሬው ነባር ሕዝብ ልጅ ታሪክ ነው። ሦስቱንም በስልክ ብትተርካቸው እናትህ ምሳ አታነሳም። በሦስቱም ሕግ ከሩቅ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከደረሰም ያገሩን ጠባይ አያውቅም። ኤሚሊ ብለንት ግን ከሲካርዮ ውጪ የለችበትም። ስለዚህ ለእኛ ሦስቱ ዝምድና የላቸውም።

ለእኛ ዘመድ ማለት ሁለተኛው ክፍል ነው። በ2018 ወጣ። ርዕሱ ያው ሲካርዮ፣ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ አለ፣ ጆሽ ብሮሊን አለ። ጸሐፊው እንኳን ሼሪደን ነው። የአክስቴ ልጅ በደስታ ከፈተውና «አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ምን እንደሆነ እንጃ» አለ። ምንም አልጎደለውም አልኩት። ዳይሬክተሩና የካሜራው ሰው ብቻ ናቸው የተቀየሩት። ዮሃንሰንም የለም፤ በዚያው ዓመት በየካቲት አርፏል። ሙዚቃውን የሠራችው ሂልዱር ጉድናዶቲር ናት፤ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ቼሎ የተጫወተችው። ስሟን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ቼርኖቤልን የሚያህል ተከታታይ፣ ከዚያም ኦስካር ያሸለማትን ጆከርን ያገኝ ነበር። ደግነቱ አላነበበም። ሥራ አለው።

ሙዚቃ ተከታዮቹ ራሳቸው አንዳንዴ ሲወድቁ ማየት ደስ ይላል። የዚያኑ የቪልነቭን ፊልም አራይቫልን አይተው ያለቀሱ አሉ። «ሙዚቃው የማን ነው?» ይላሉ፤ ዮሃንሰን ይባላሉ። የሱን ሥራ ሁሉ ያዳምጣሉ፤ ያ ያስለቀሳቸው ዜማ የለም። ምክንያቱም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው የቫዮሊን ዜማ የማክስ ሪክተር ነው። ለፊልሙ የተጻፈ አይደለም፤ በ2004 አልበም ላይ የወጣ ነው፤ ሻተር አይላንድ ላይም ተሰምቷል። በጣም በመታወቁ የዮሃንሰን ሥራ ለኦስካር እንዳይቀርብ ምክንያት ሆኗል። ይህን ለማወቅ Music by የሚለው ላይ ቆሞ መቅረት አይበቃም፤ ስሞቹ አልቀው የዘፈኖቹ ዝርዝር እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ያኔ ጽዳቷም ቤቷ ገብታለች።

አሁን ወደ አስፈሪው ልምጣ። አራይቫል ላይ ያ ደብዘዝ ያለ፣ ጭጋግ የዋጠው ብርሃን የዲኪንስ አይደለም። ብራድፎርድ ያንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው የቀረጸው፤ በሱ ለኦስካር ታጭቷል። ያንግ ሲኒማን የተማረው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። አስተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኃይሌ ገሪማ። የኛው። ሲካርዮን ወድደህ የዮሃንሰንን ስም ብትከተል፣ ሦስተኛው ስም ላይ የኃይሌ ፊልም ጤዛ ደጃፍ ቆመህ ትገኛለህ። አስበው፤ ከሜክሲኮ ድንበር ተነስተህ፣ ከጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰ ሐበሻ ፊት!

ለሙከራ ያህል የአክስቴን ልጅ አስቀምጬ ጤዛን አሳየሁት። አንድም ጊዜ ስልኩን አልነካም። መጨረሻው ላይ ዝም ብሎ ቆየ። ዓይኑን ሲጠርግ አይቼ ያላየሁ መሰልኩ። ስሞቹ መውረድ ጀመሩ። እዚያ መካከል ማሪዮ ማሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ አለ፤ ጤዛን የቀረጸው። በ1977 ካን ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን የወሰደውን ፓድሬ ፓድሮኔን የቀረጸውም እሱ ነው፤ አባቱ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ በግ የሚያስጠብቀው የሰርዲኒያ ልጅ ታሪክ። «አንዴ ጠብቅ፣ አንድ ስም ላሳይህ» ልለው አፌን ከፈትኩ።

ሪሞቱን አነሳ። «ይገርማል ባክህ» አለ እያጠፋው። «አክተሩ ሌላ ምን ሠርቷል?»