ደም ደም ነው? የልጅ ውጤት ከአዋቂ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር

«የ11 ዓመት ልጄን እዚህ ድሬዳዋ አስመረመርኩት። አልካላይን ፎስፋቴዝ 340 ወጣ። ወረቀቱ ከ40 እስከ 130 ይላል፤ ጉበቱ ተጎድቷል ማለት ነው። ደም እንደሆነ የልጅ የአዋቂ የለውም።»

አለው እንጂ፣ እህቴ! ይህ ኢንዛይም ከጉበት ብቻ አይመጣም፤ አጥንት የሚሠሩ ሴሎችም ያመነጩታል። ልጅሽ እያደገ ነው። በዚህ ዕድሜ እስከ 400 ገደማ መድረሱ የተለመደ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የአዋቂ መለኪያ ነው፤ ማሽኑ ዕድሜ ካልተሞላለት ዝም ብሎ «ከፍ ያለ» ይላል።

ጉበቱን ከጠረጠርሽ ኤኤልቲና ቢሊሩቢን የሚሉትን መስመሮች እዪ። እነሱ ደህና ከሆኑ፣ ዓይኑም ቢጫ ካልሆነ፣ 340 ብቻውን ጉበትን አያስከስስም። እግሩ ከጎበጠ ወይም አጥንቱን ካመመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሪኬትስ የሚባለው የልጆች አጥንት መለስለስም ይህን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ያኔ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ቫይታሚን ዲ ይታያሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው ነው። የ4 ዓመት ልጅ ክሪያቲኒን 0.9 ቢሆን በአዋቂ መለኪያ «ኖርማል» ተብሎ ያልፋል። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ የትንሽ ልጅ ጡንቻ ደግሞ ትንሽ ነው። በዚያ ዕድሜ 0.4 አካባቢ ሲጠበቅ 0.9 ከተገኘ ኩላሊቱ በደንብ መታየት አለበት። ወረቀቱ ላይ ግን ምንም ምልክት አይኖርም።

ስለዚህ ውጤቱን ለሕፃናት ሐኪም አሳዪ፤ ላብራቶሪውንም «ይህ መለኪያ የስንት ዓመት ነው?» በይ።