ሽማግሌ ሁን ሲሉኝ

«ጋሼ፣ ለቤቱ ጉዳይ ሽማግሌ ሁንልን። እምቢ ካልክ ለእሷ አደላህ ማለት ነው።»

የአክስቴ ልጅ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ያለውን የአባታቸውን ቤት ከእህቱ ጋር መካፈል አቅቷቸዋል። እሱ እዚያው ኖሮ አባቱን ጦሯል። እሷ ከዐረብ አገር ብር እየላከች ሁለት ክፍል አሠርታለች። ሁለቱም የሚሉት አላቸው።

እኔ በምኖርበት አሜሪካ አስታራቂ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከባለጉዳዮቹ ጋር ዝምድና እንዳለው ነው። አለኝ ካለ ብዙውን ጊዜ ይነሳል፤ የሚቀየመው የለም። ጎንደር ላይ ግን ሽማግሌ የሚፈለገው ቤቱንም ሰዎቹንም ስለሚያውቅ ነው። «ዘመድ ነኝ» ብትል «ታዲያ ለዚህ አይደል የጠራንህ?» ይሉሃል። ከውጭ አገር የለመድነው ምክንያት እዚህ አያዋጣም።

የሚያዋጣው እውነተኛና ለሁለቱም እኩል የሚሠራ ምክንያት ነው። የእኔ ይህ ነበር። ዕርቅ በተቀመጡበት ቀን አያልቅም። ብሩ በቀጠሮው ተከፈለ ወይ፣ ክፍሉ ተለቀቀ ወይ ብሎ የሚከታተለው ሽማግሌው ነው። አንዱ ቃሉን ቢያጥፍ ሌላው የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። እኔ ያኔ አገር ውስጥ የለሁም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠህ የአንዱን ብሶት እስከ መጨረሻው ከሰማህ በኋላ እምቢ ብትል፣ «ሰምቶ ፈረደብኝ» ትባላለህ። እህትየው የሐዋላ ደረሰኞቹን በቴሌግራም ልላክልህ ስትል «አሁን አትላኪልኝ፣ እህቴ» ያልኳት ለዚህ ነው። በዚያው ቀን ለእሱ በአካል፣ ለእሷ በስልክ፣ ያንኑ ቃል ነገርኳቸው። እሱ «በአርባ አራቱ ታቦት!» ብሎ ለመነኝ። ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ልብ ይነካል። ቢሆንም ቃሌን አልቀየርኩም። ምትክ ሰውም አልጠቆምኩም፤ የጠቆምኩት ሰው የእኔ ሰው ተብሎ ይቆጠራልና። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰው ይምረጡ፣ አምስተኛውን አራቱ ይምረጡት አልኩ።

ምስክርነት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት መጥሪያ ካደረሰህ እዚህም እዚያም መቅረብ ግዴታ ነው፤ «ዘመዶቼ ናቸው፣ አልገባበትም» ብሎ መቅረት የለም። እምቢ ማለት የሚቻለው ቀድሞ ለአንዱ ወገን ቃል መግባትን ነው። እሱ «ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ትመሰክርልኛለህ?» አለኝ። «ከተጠራሁ ያየሁትን እናገራለሁ። ለእሷም የምላት ይህንኑ ነው» አልኩት። ያየሁት ደግሞ ክፍሎቹ ሲሠሩ ነው። ብሩ በስጦታ ይሁን በብድር የተላከ፣ ሲነጋገሩ አልነበርኩም። ይህንንም ለሁለቱም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ማንኛቸውም እኔን ተማምነው ክስ እንዳይከፍቱ።